የጀርመን እረኛ ቡችላ ስለ መግዛት

የጀርመን እረኛ የሚባለውን ውሻ ቡችላ ሊገዛ የሚወድ ሰው፥ ከቡችላው አስቀድሞ ወላጆቹን ይመርምር እንላለን። የዚህ ዘር ዋና ደዌ የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ነው፤ ከወላጅ ይወርዳል፥ በስምንት ሳምንት ቡችላ ላይ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ሻጩ የአባቱንና የእናቱን የዳሌ ራጅ ውጤት ያሳይ። በአሜሪካ ኦ.ኤፍ.ኤ. የተባለው መዝጋቢ ድርጅት ውሻው 24 ወር ሳይሞላው የመጨረሻውን ምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ እንግዲህ የዓመት ከመንፈቅ እናት ይህ ወረቀት አላት የሚል ሻጭ አይታመንም። ወላጆቹ ደኅና ቢሆኑ ሥጋቱ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም።

ከዚያም የትውልዱ ሐረግ ይነበብ። የአባቱ አባትና የእናቱ አባት አንድ ውሻ ከሆነ፥ ወላጆቹ በአባት የሚገናኙ ወንድምና እኅት ናቸው፤ የቡችላውም የዘር መቀራረብ ከመቶ 12.5 ይደርሳል። ሻጩ ዘሩን ለማጥራት ነው ቢልም፥ ተሰውሮ የኖረ በሽታ የሚገለጠው በዚሁ መንገድ ነው።

በእንግሊዝ አገር ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፥ ራሱ ያላራባ ነጋዴ ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላ እንዳይሸጥ በሕግ ተከልክሏል። ሕጉ በሌለበት አገር ገዥው ራሱ ይጠንቀቅ፤ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር በሚያድጉበት ቤት ይያት። ለማሳያ የተበደሩዋት እንዳትሆን፥ ጡቷ ያጠባ መሆኑን፥ ቡችሎቹም ወደ እርሷ መጠጋታቸውን ይመልከት።