ሜትር ከሜትር በሰከንድ ጋር ሲደመር

በአንድ የፊዚክስ መልመጃ ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ቀርቧል እንበል። መኪና በሰከንድ 10 ሜትር እየሄደ ሳለ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ መጨመር ይጀምራል፤ በ5 ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ርቀት ይሄዳል? ከጥያቄው በላይ የተጻፈው ቀመር d = vt + ½at ነው። ተማሪው ቁጥሮቹን ይተካል፤ 50 ሲደመር 5፣ መልሱ 55 ሜትር ይመጣል። ለመኪና የማይታመን ርቀት ስላልሆነ ማንም አይጠራጠርም።

መልሱ ግን ስህተት ነው፤ ከቀመሩ መጨረሻ አንድ ትንሽ ነገር ጎድላለች። ይህን ለማወቅ ትክክለኛውን ቀመር በቃል ማስታወስ አያስፈልግም። ቁጥሮቹን ለጊዜው ትቶ አሃዶቹን ብቻ ማስላት ይበቃል። ዳይሜንሽናል አናሊሲስ የሚባለው ዘዴ መነሻው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ተደማሪ vt ነው። ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ሲባዛ ከታች ያለው ሰከንድ ይሰረዝና ሜትር ይቀራል። ሁለተኛው at ነው። a የሚለካው በሜትር በሰከንድ ካሬ ስለሆነ በሰከንድ ሲባዛ አንዱ ሰከንድ ብቻ ይሰረዛል፤ የሚቀረው ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም ርቀት ሳይሆን ፍጥነት ነው። ርቀትና ፍጥነት ደግሞ አይደመሩም። ሁለተኛው ተደማሪም ሜትር እንዲሆን t አንድ ጊዜ ተጨማሪ መባዛት አለባት፦ d = vt + ½at²። አሁን 50 ሲደመር 25፣ መልሱ 75 ሜትር ይሆናል።

በቁጥር ብቻ መፈተን እዚህ ላይ ሊያታልል ይችላል። ጊዜው 1 ሰከንድ ቢሆን ኖሮ የተሳሳተውም ትክክለኛውም ቀመር 11 ይሰጡ ነበር፤ ምክንያቱም 1 በራሱ ቢባዛም ያው 1 ነው። አሃዶቹ ግን ያኔም ይለያያሉ። በአንጻሩ ½ን የረሳ ሰው 100 ሜትር አግኝቶ የአሃዱን ፈተና ያለችግር ያልፋል። ½ አሃድ የሌለው ቁጥር ስለሆነ መኖሩም መቅረቱም በአሃድ አይታይም። ስለዚህ ፈተናውን የወደቀ ቀመር በእርግጠኝነት ስህተት ነው፤ ያለፈው ግን ትክክል ለመሆኑ ገና ማረጋገጫ የለውም።

የተለያየ አሃድን አለመደመር ወይም አለመቀነስ የሚለው ይኸው ሕግ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ሲጣስ ምን እንደሚያስከትል በካናዳ ታይቷል። ሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል ወደ ኤድመንተን ሊበር ሲዘጋጅ የነዳጅ መለኪያው አይሠራም ነበር። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልጋል። በታንኮቹ ውስጥ ያለው በመለኪያ ዘንግ ሲለካ 7,682 ሊትር ሆነ። ሠራተኞቹ ይህን በ1.77 አባዝተው 13,597 አገኙ፤ ኪሎ ግራም ነው ብለውም ከ22,300 ላይ ቀነሱት። ቀሪውን 8,703 መልሰው ለ1.77 ሲያካፍሉ 4,917 ሊትር መጨመር እንዳለበት ደረሱበት።

1.77 ግን የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ ነው። አየር መንገዱ የቆየው በፓውንድ ነበር፤ 767 ደግሞ በኪሎ ግራም የሚሠራ አዲስ አውሮፕላን ነው። ከቁጥሩ አጠገብ አሃዱ ቢጻፍ ኖሮ ስሌቱ እንዲህ ይነበብ ነበር፦

7,682 ሊትር × 1.77 ፓውንድ/ሊትር = 13,597 ፓውንድ

ሊትር ከላይም ከታችም ስላለ ይሰረዛል፤ የሚቀረው ፓውንድ ነው። ከ22,300 ኪሎ ግራም ላይ 13,597 ፓውንድ መቀነስ ደግሞ ከሜትር ላይ ፍጥነት እንደመደመር ነው፤ ብዕሩ እዚያው ላይ መቆም ነበረበት። የሚቀጥለው እርምጃ ፓውንድን መለወጥ ነው። አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ፓውንዱ እንዲሰረዝ ኪሎ ግራሙን ከላይ፣ ፓውንዱን ከታች አድርጎ ማባዛት ያስፈልጋል፦

13,597 ፓውንድ × 0.4536 ኪሎ ግራም/1 ፓውንድ ≈ 6,168 ኪሎ ግራም

ክፍልፋዩን የገለበጠ ሰው መልሱ ላይ ፓውንድ ካሬ በኪሎ ግራም ያገኛል፤ እንዲህ ያለ አሃድ የነዳጅ ክብደት ስለማይሆን መገልበጡ ወዲያው ይታወቃል። ከ22,300 ላይ 6,168 ሲቀነስ የጎደለው 16,132 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ሊትር 0.803 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን የሚጨመረው ከ20,000 ሊትር በላይ መሆን ነበረበት። የተጨመረው የዚህ ሩብ እንኳን አልሞላም።

አውሮፕላኑ በአየር ላይ ሳለ ነዳጁ አለቀና ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉ። ካፒቴን ሮበርት ፒርሰንና ረዳታቸው ሞሪስ ኩዊንታል ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ በተባለ ቦታ፣ በቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ አሳረፉት። የሞተ ሰው አልነበረም።

አሃዶቹ ሁሉ በትክክል ተሰርዘውም አንድ ነገር ይቀራል። የነዳጅ ጥግግት በሙቀት ይለያያል፤ 0.803 የሚለው ቁጥር ለሌላ ቀን ነዳጅ 0.79 ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ኪሎ ግራም በሊትር ስለሆኑ አሃድ አይለያቸውም፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው የዕለቱን ነዳጅ ጥግግት በመለካት ነው።