ታፔላው ላይ ያለው ስምና ውል የሚፈርመው ስም

አዲስ አበባ ውስጥ «ኮካ ኮላ ፋብሪካ» ቢባል የማያውቅ የለም። ታክሲም ያደርሳል፣ ሰውም ይጠቁማል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ውስጥ ኮካ ኮላን ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ የሚሸጠው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረውና ግብር የሚከፍለው ኢስት አፍሪካ ቦትሊንግ አክሲዮን ማኅበር የተባለ ኩባንያ ነው። የመጠጡ ስም ባለቤት ደግሞ አትላንታ፣ አሜሪካ ያለው ኮካ ኮላ ኩባንያ ነው። ፔፕሲም እንዲሁ ነው፤ እዚህ አገር ለረጅም ዓመታት ያመረተው ሞሐ የለስላሳ መጠጦች ኢንዱስትሪ አክሲዮን ማኅበር ነው። ለፋብሪካው ጣውላ ያቀረበ ነጋዴ ገንዘቡን የሚጠይቀው ጠርሙሱ ላይ በጉልህ የተጻፈውን ስም ሳይሆን በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ነው። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው የጠበቆችና የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ዱቤ የሚሰጥ፣ ቀብድ የሚከፍል ወይም ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ከሁለቱ ስሞች አንዱ የሰው ስም ነው፣ ሌላው የንብረት ስም ነው።

ሕጉ ሰው የሚለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ እኔና እንደ እርስዎ የተወለደው የተፈጥሮ ሰው ነው፤ ሁለተኛው በሕግ ሰውነት ያገኘው፣ ለምሳሌ በንግድ መዝገብ የገባው ድርጅት ነው። መዋዋል፣ መበደር፣ መክሰስና መከሰስ የሚችሉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ድርጅቱ በመዝገብ የገባበት ስም የእርሱ መጠሪያ ነው፤ መጨረሻው ላይ «አክሲዮን ማኅበር» ወይም «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚል ቃል፣ በአጭሩም አ/ማ ወይም ኃ/የተ/የግ/ማ የሚል ተቀጥላ ይኖረዋል። ይህ ተቀጥላ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ድርጅቱ ሲከስር ባለአክሲዮኖቹ ወይም አባላቱ ካዋጡት በላይ እንደማይጠየቁ አስቀድሞ ለተዋዋዩ የሚነግር ማስጠንቀቂያ ነው። ታፔላው ላይ የሚውለው የንግድ ስም ግን ነጋዴው ሥራውን ለሕዝብ የሚያስተዋውቅበት መጠሪያ ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ከሌላው የሚለይ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 501 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፣ ጥበቃውም ለሰባት ዓመት ቆይቶ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። የንግድ ስምም ሆነ የንግድ ምልክት ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ እንዲጠቀሙበት ለሌላ ይሰጣል። የሚሸጥ ነገር ደግሞ ራሱ ተበዳሪ ሊሆን አይችልም።

የሜታ ቢራ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የመንግሥት ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ገዛው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቢጂአይ ኢትዮጵያ ከዲያጆ ላይ ገዛው። ቢጂአይ ቀድሞም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ አምራች ነው። ጠጪው በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያየው አንድ ስም ነው፤ ሜታ። ለብቅል አቅራቢ፣ ለጭነት መኪና ባለቤት፣ ለአከፋፋይ ግን ከጀርባ የሚወስነው ሰው ተለዋውጧል። ተቃራኒውም ያጋጥማል። አዋሽ ኢንተርናሽናል ባንክ ስሙን አሳጥሮ አዋሽ ባንክ ሲባል፣ ታፔላው ተለወጠ እንጂ ብድሩም ተቀማጩም የዚያው ባንክ ሆኖ ቀጠለ። እንግዲህ ስም ሳይለወጥ ባለቤት ሊለወጥ፣ ባለቤት ሳይለወጥ ስም ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። ታፔላን ብቻ ተከትሎ ባለዕዳን መፈለግ የማያስተማምነው ለዚህ ነው።

ትልልቆቹን ኩባንያዎች ትተን ወደ መንደር ገበያ ስንወርድ ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል። አንድ የዱቄት ነጋዴ በዱቤ 180,000 ብር የሚያወጣ ዱቄት «ማለዳ ዳቦ» ለሚል ቤት አስረከበ እንበል፤ ስሙ ለምሳሌ የተፈጠረ ነው። የርክክብ ወረቀቱ ላይ የተቀባዩ ፊርማና «ማለዳ ዳቦ» የሚል ክብ ማኅተም አለ። ገንዘቡ ሳይከፈል ሦስት ወር አለፈ፤ ነጋዴው «ማለዳ ዳቦ»ን ተከሳሽ አድርጎ ፍርድ ቤት ሄደ። ከዳቦ ቤቱ የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም» የሚል መቃወሚያ ነው። አሁን ነጋዴው የንግድ ፈቃዱን መፈለግ ይጀምራል። ፈቃዱ ላይ «የነጋዴው ስም» የሚል መስመርና «የንግድ ስም» የሚል ሌላ መስመር አለ። በሁለተኛው ላይ «ማለዳ ዳቦ» ተጽፏል። በመጀመሪያው ላይ የአንድ ግለሰብ ሙሉ ስም ከተጻፈ፣ ዳቦ ቤቱ የዚያ ሰው ነው፤ ዕዳውም የዚያ ሰው ነው፤ ሰውየው በቤቱም በመኪናውም ይጠየቃል። በመጀመሪያው መስመር ላይ የአንድ ኃ/የተ/የግ/ማ ስም ካለ ግን ባለዕዳው ማኅበሩ ነው። በየቀኑ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ዱቄቱን ሲረከብ የነበረው ሥራ አስኪያጅ በራሱ ኪስ አይጠየቅም፤ ለየት ያለ ምክንያት ካልተገኘ በቀር። ተመሳሳይ ታፔላ፣ ተመሳሳይ ማኅተም፣ ተመሳሳይ ዳቦ፤ ዕዳው ግን ሁለት የተለያየ ቦታ ነው የሚያርፈው።

ሦስተኛ ዕድልም አለ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም በዚህ ነው። ዱቄቱ በግንቦት ተረከበ፣ በሰኔ ዳቦ ቤቱ ተሸጠ እንበል። የንግድ ሕጉ የንግድ መደብር የሚለው ነገር ደንበኛን፣ ዕቃን፣ የንግድ ስምን አጠቃሎ የሚሸጥ ሀብት ነው፤ ስለዚህ «ማለዳ ዳቦ» የሚለው ስም ከምድጃው ጋር አብሮ ወደ አዲሱ ገዢ ሄዷል። የሻጩ ዕዳ ግን ስሙን ተከትሎ ብቻ ወደ ገዢው አይሻገርም። ባለቤቱ መቀየሩን በምን ማወቅ ይቻላል? በደረሰኝ። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ወረቀት አናቱ ላይ የግብር ከፋዩ ስምና መለያ ቁጥሩ፣ ሕዝቡ ቲን ነምበር የሚለው አሥር አኃዝ ይታተማል። የግንቦቱንና የሐምሌውን ደረሰኝ ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ታፔላው አንድ ሆኖ ቁጥሩ የተለያየ ከሆነ ሰው ተቀይሯል ማለት ነው።

ቁጥሩን ከስሙ የበለጠ የማምነው ለሌላም ምክንያት ነው። በአማርኛ አንድ ስም በሀ፣ በሐ ወይም በኀ፤ በሰ ወይም በሠ፤ በጸ ወይም በፀ ሊጻፍ ይችላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ይባስ ይበታተናል። «ፀሐይ» የሚል ድርጅት በፈቃዱ፣ በባንክ ሒሳቡና በማኅተሙ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ቢኖረው አያስገርምም፤ ቼክ ወይም ሲፒኦ በተሳሳተ አጻጻፍ ሲሠራ ባንኩ ሊመልሰው ይችላል። ቁጥሩ ግን በማንኛውም አጻጻፍ ያው ነው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በ etrade.gov.et ላይ በዚህ ቁጥር ፈቃድን የማጣራት አገልግሎት አለው። ቁጥሩን አስገብቶ የወጣውን ስም ከታፔላው ጋር ሳይሆን ከማኅተሙና ከሚፈርመው ሰው ሥልጣን ጋር ማመሳከር ነው የሚያዋጣው።

እዚህ ላይ «ፍርድ ቤት ይህን ሁሉ ቀመር ተከትሎ ሐቅን አይጥልም፤ ማን ዱቄቱን እንደበላ ይታወቃል» የሚል ክርክር ይነሳል። ትክክል ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ክስ እንዲሻሻል ይፈቅዳል፣ የስም ስሕተትም ሊታረም ይችላል። ነገር ግን እርማቱ በነፃ አይመጣም። ቀጠሮ ይጨምራል፣ ወጪ ይጨምራል፤ ባለዕዳው ሒሳቡን ለማሸሽ ጊዜ ያገኛል፣ ይርጋም ይሮጣል። ስሙን አስቀድሞ ማጣራት ግን ከአንድ ቀን ሥራ አይበልጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «የተመዘገበው ስም ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ገበያው የሚያምነው ዝናውን ነው፤ ዝና ያለው ስሙን ላለማበላሸት ይከፍላል» ይላል። ለሸማች ይህ እውነት ነው። ለስላሳ ወይም ቢራ ሲገዛ የአምራቹን የመመሥረቻ ጽሑፍ የሚጠይቅ የለም፣ መጠየቅም አይኖርበትም። ዱቤ ሲሰጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዝናው የአንዱ ሆኖ ዕዳው የሌላው ሊሆን እንደሚችል ከኮካ ኮላ አይተናል። ሳፋሪኮምም ሌላ ማሳያ ነው፤ የስልኩን አገልግሎት የሚሰጠው ሳፋሪኮም ቴሌኮሙኒኬሽንስ ኢትዮጵያ ሲሆን፣ ኤም-ፔሳን የሚያንቀሳቅሰው ለዚሁ ሥራ የተቋቋመና ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የወሰደ ሌላ ኩባንያ ነው። ቀለሙ አንድ ነው፤ ተዋዋዩ ግን ሁለት ነው። የታወቀ ስም ያለው ባለሀብት ሥራዎቹን በየፊናው በተለያዩ ማኅበራት ሲያደራጅ፣ የአንዱ ማኅበር ዕዳ በሌላው ሀብት አይከፈልም። «ግሩፕ» የሚለውን ቃል ደብዳቤ አናት ላይ አይቶ ከሁሉም ጋር የተዋዋለ የሚመስለው አቅራቢ፣ የተዋዋለው ማኅተሙን ካሳረፈው ከአንዱ ማኅበር ጋር ብቻ ነው።

ደግሞም መዝገቡ ሁሉንም አይናገርም። ድርጅቱ መኖሩን፣ ፈቃዱ መታደሱን፣ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነና የተመዘገበ ካፒታሉን ያሳያል፤ ካዝናው ውስጥ ብር መኖሩን ግን አያሳይም። የተመዘገበ ካፒታል ሲመሠረት የተዋጣ ገንዘብ እንጂ ዛሬ ያለ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ስሙን ማጣራት መተማመኛ አይሰጥም፤ መተማመኛ ከማን እንደሚጠየቅ ግን ያሳያል። የማኅበሩ አቅም አጠራጣሪ ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ወይም ባለቤቱ በግሉ ዋስ እንዲሆን መጠየቅ የሚቻለው ማኅበሩና ሰውየው ሁለት መሆናቸው ሲታወቅ ነው።

ሁለቱንም ስሞች ውል ላይ ማስፈር ይቻላል፣ ጥሩም ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይጠበቅ። መጀመሪያ በመዝገብ የገባው ሙሉ ስም ከነተቀጥላው፣ ቀጥሎ ቲን ነምበሩ፣ ቀጥሎ «ማለዳ ዳቦ በሚል የንግድ ስም የሚሠራ» የሚል ሐረግ፣ ከዚያ አድራሻና የሚፈርመው ሰው ስም በምን ሥልጣን እንደሚፈርም ጭምር። ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ የድርጅቱ ስም ቦታ ላይ የሰውየው ስም እስከ አያት ይገባል። ተቀጣሪም ቢሆን የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው አሠሪ ግብሩና የጡረታ መዋጮው የሚከፈልበት ድርጅት መሆኑን ማየት ይጠቅመዋል፤ ሆቴሉ ነገ ታፔላ ሲቀይር የአገልግሎት ዘመኑን የሚያስረዳለት ያ ስም ነውና።