የሞባይል ማማዎች ሰዓታቸውን የሚሞሉት እንዴት ነው?

ስልኩ ሙሉ ሲግናል እያሳየ የሚናገሩት ለሰሚው የሚቆራረጥበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎች የማይጠረጥሩት ግን የጎረቤት ማማ ሰዓት መዛነፍ ነው።

አብዛኞቹ የ5ጂ ኔትወርኮች የሚሠሩት ቲዲዲ በሚባለው ዘዴ ነው። ማማውና ስልኩ አንዱን ፍሪኩዌንሲ ተራ በተራ ይጠቀሙበታል፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ያዳምጣል። ተራው የሚለዋወጠው በጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ስለሆነ በአካባቢው ያሉ ማማዎች ሁሉ እኩል መቀያየር አለባቸው። ሰዓቱ የቀደመ ማማ ጎረቤቱ ገና ስልኮችን እያዳመጠ ሳለ መላክ ይጀምራል። የማማ ኃይል ከስልክ እጅግ ስለሚበልጥ የስልኮቹ ደካማ ሞገድ ይዋጣል። ቅሬታ የሚመጣው ከጎረቤቱ ደንበኞች ነው፤ ጥፋቱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማማ ከጋራው ሰዓት ከ1.5 ማይክሮ ሰከንድ በላይ እንዳይርቅ ይፈለጋል። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ቀላሉ መፍትሔ በየማማው የጂፒኤስ አንቴና መትከል ነው፤ ሳተላይቶቹ የአቶሚክ ሰዓት ይዘዋልና። ሆኖም በሕንፃ የተከለለ ጣቢያ ሰማይ አይታየውም፤ የጂፒኤስ ሞገድም ደካማ በመሆኑ በቀላሉ ይታወካል። በዚህ ምክንያት ማዕከል ላይ ያለ አንድ ዋና ሰዓት ከጂፒኤስ ተቀብሎ በፋይበር መስመር ለማማዎቹ ያከፋፍላል። ማከፋፈያው ፒቲፒ ይባላል።

ዋናው ሰዓት የላከበትን ቅጽበት መዝግቦ መልእክት ይልካል፤ ማማው የደረሰበትን ይመዘግባል። ቀጥሎ ማማው ይልካል፤ ዋናው ሰዓት መቼ እንደደረሰው ይነግረዋል። ማማው ከአራቱ ቅጽበቶች የደርሶ መልሱን ጊዜ አስልቶ ለሁለት ያካፍላል። ስሌቱ የሚሠራው ግን መሄጃውና መመለሻው እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው።

ፋይበሩ 10 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ብርሃን በፋይበር አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 5 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት መሄጃው 50 ይሆናል። መስመሩ ተቆርጦ ሲጠገን መመለሻው በሌላ መንገድ ዞሮ 800 ሜትር ቢረዝም 54 ይፈጃል። ማማው 104ን ለሁለት ከፍሎ 52 ይላል፤ ትክክለኛው የመሄጃ ጊዜ ግን 50 ነው። ሰዓቱ በ2 ማይክሮ ሰከንድ ቀደመ፤ ከገደቡም አለፈ።

አስቸጋሪው ነገር መሣሪያው ስህተቱን በራሱ አለማየቱ ነው። መልእክቶቹ በሰላም ስለሚመላለሱ ሰዓቱ እንደተስተካከለ ያሳያል። ስህተቱ የሚገኘው ባለሙያ የጂፒኤስ መለኪያ ይዞ ማማው ድረስ ሄዶ ሲያነጻጽር ነው። ልዩነቱ ከታወቀ በማማው መሣሪያ ላይ እንደ ማረሚያ ይሞላል። ሌላው መፍትሔ መሄጃውንም መመለሻውንም በአንድ የፋይበር ክር ማስኬድ ነው። ፋይበር የጠገነ ቡድን ኢንተርኔቱ መመለሱን ብቻ አይቶ መሄድ የለበትም፤ ሰዓቱም ይለካ።