ፓስፖርቱ ውስጥ ያለውን ቺፕ ማን ይመግበዋል?

ኢትዮጵያ ቺፕ ያለውን ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት በየካቲት 2017 ዓ.ም. ይፋ ካደረገች ወዲህ አንድ ስጋት ደጋግሞ ይነሳል። ቺፑ መረጃችንን እየያዘ አብሮን ከተጓዘ፣ ሰው ከሩቅ ሆኖ ሊያነበው፣ እኛንም ከቢቸና እስከ ሞጣ ሊከታተለን አይችልም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቁም ነገር ልመልሰው እፈልጋለሁ። መልሴ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ቺፑ ባትሪ የለውም። ባትሪ የሌለው ነገር እስኪመገብ ድረስ ይተኛል፣ ምግቡም ከአንባቢው መሣሪያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ርቀቱን በቅድሚያ የሚወስነው አንባቢው ምን ያህል ርቆ መስማቱ ሳይሆን ምን ያህል ርቆ መመገቡ ነው።

አመጋገቡን ለመረዳት ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ትራንስፎርመር አስቡ። ውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ በሽቦ አይነካኩም። በአንደኛው የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ዙሪያውን መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፣ መስኩ በተለዋወጠ ቁጥር በሁለተኛው ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሳል። ስልካችሁ ኤንኤፍሲ ካለው ከጀርባው ስር አንዱ ጥቅል አለ፤ ሁለተኛው ደግሞ ፓስፖርቱ ውስጥ ተቀብሯል። ትራንስፎርመሩ መስኩን ከጥቅል ወደ ጥቅል የሚመራ ብረት መካከሉ አለው፤ እዚህ ግን በመካከል ያለው አየር ብቻ ነው፣ መስኩም በየአቅጣጫው ይበተናል። ይህን ጉድለት በከፊል የሚያካክሰው ፍጥነት ነው። መስኩ በሰከንድ 13.56 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚመላለስ ጥቂት ዙር ሽቦም ቢሆን በቂ ቮልቴጅ ያገኛል። የፓስፖርቱ ጥቅልም ከአንድ ትንሽ ካፓሲተር ጋር ተጣምሮ ለዚያው ፍጥነት የተቃኘ ነው፤ ክራር ለአንድ ቅኝት እንደሚቃኝ ማለት ነው። ቺፑ የተቀበለውን ተመላላሽ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ይለውጥና ይነቃል።

አሁን ርቀቱን እናስላ። የዚህ ዓይነት ካርዶችና ፓስፖርቶች የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ቺፑ ቢያንስ 1.5 አምፔር በሜትር ጥንካሬ ባለው መስክ ውስጥ እንዲሠራ ይጠይቃል። የስልኩ ጥቅል ክብ ነው፣ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፣ እዚያው መሐሉ ላይ ደግሞ 5 አምፔር በሜትር ይሰጣል እንበል። ፓስፖርቱን 2 ሴንቲ ሜትር ስናርቀው መስኩ ወደ 1.8 ይወርዳል፤ ገና ይሠራል። በ4 ሴንቲ ሜትር ላይ 0.45 ብቻ ይቀራል። 20 ሴንቲ ሜትር ስንደርስ ከመነሻው አንድ ሺህኛው ገደማ ነው። ከጥቅሉ ስፋት አለፍ ካልን በኋላ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር መስኩ በስምንት እጅ ይቀንሳል፤ ውድቀቱ የርቀቱን ሦስተኛ ርቢ ይከተላልና። እንግዲህ ይህንኑ ስልክ ይዘን በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቺፑን እንቀስቅስ ብንል በጥቅሉ ውስጥ 300 እጥፍ የሚሆን ጅረት ያስፈልገናል፤ የሚባክነው ኃይል ደግሞ በጅረቱ ካሬ ስለሚያድግ 90,000 እጥፍ ይሆናል። ስልኩ አንድ ዋት ያወጣ ነበር ብንል፣ አሁን 90 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ይህ ብዙ የእህል ወፍጮ የሚያስነሳ ኃይል ነው፣ የተገኘው ግን አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ነው።

«ጥቅሉን ለምን አያሰፉትም?» የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፣ ሰፊ ጥቅል መስኩን ራቅ አድርጎ ያደርሳል። በ2006 እ.ኤ.አ. ኪርሸንባም እና ዉል የተባሉ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የመዳብ ቱቦ ቀለበት ሠርተው በዚሁ 13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ካርድ አነበቡ። የደረሱበት ርቀት ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከዚያ በላይ ለመሄድ ሲሞከር ሁለተኛው ችግር ይመጣል፤ እሱም የመልሱ ጉዳይ ነው። ሰፈር ውስጥ ወፍጮ ሲነሳ አምፖላችን ለቅጽበት ደብዘዝ ይላል፤ ቤታችን ተቀምጠን ወፍጮው መነሳቱን እናውቃለን። ቺፑም የሚናገረው በዚሁ መንገድ ነው። የራሱን ሞገድ አያወጣም፤ በጥቅሉ ላይ ጭነት እያበራና እያጠፋ የአንባቢው ጥቅል ሸክም እንዲሰማው ያደርጋል። ያ ለውጥ ቅርብ ሆኖም እንኳ ከአንባቢው ዋና ምልክት በሺህ እጅ ሊያንስ ይችላል፣ ርቀቱ ሲጨምር ደግሞ መስኩ በመሄድም በመመለስም ስለሚደክም ከመስኩ በጣም ፈጥኖ ይከስማል። ምግቡን በኃይል ብንጨምር እንኳ የራሳችን ጩኸት መልሱን ይውጠዋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ባትሪ የሌላቸው፣ ነገር ግን ከ10 ሜትር የሚነበቡ የመጋዘን ምልክቶች አሉ። አዎ፣ አሉ። የሚሠሩት ግን በሌላ መንገድ ነው። በአውሮፓ ከ865 እስከ 868 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚሠሩ ሲሆን ኃይሉ ከአንቴናው ተላቆ እንደ ራዲዮ ሞገድ ይጓዛል፤ የሚዳከመውም በርቀቱ ካሬ ነው። በሁለት ዋት ገደማ የተገደበው አንባቢ ከ10 ሜትር በላይ እንኳ ጥቂት የዋት ሚሊዮንኛዎችን ያደርሳል፣ ለእነዚያ ቁጥብ ቺፖች ደግሞ ይበቃል። ፓስፖርቱ ይህን ሞገድ አይጠቀምም፤ ፊርማ የሚያሰላና መረጃ የሚያመሰጥር ቺፕ በዚያ ጠብታ አይጠግብም። ያ ሞገድ ሌላም ድክመት አለው፤ ውኃ ይመጠዋል፣ ሰውነት ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። በከብት ጆሮ ላይ ለሚንጠለጠለው ኤሌክትሮኒክ ምልክት ዓለም አቀፉ መስፈርት 134.2 ኪሎኸርዝን የመረጠው በሥጋና በእርጥበት ሳይደናቀፍ ስለሚያልፍ ነው፤ ዋጋው ግን እንደገና ርቀት ነው። በሬ ከቢቸና ጠፍቶ ሞጣ ገበያ ቢገኝ ምልክቱ የማን እንደሆነ ሊናገር ይችላል፤ የሚናገረው ግን አንድ ሰው አንባቢውን ይዞ ጆሮው አጠገብ ሲደርስ ነው። በመንገድ ላይ ሳለ ለመከታተል ባትሪ፣ ጂፒኤስና ሲም ያለው አንገት ማሰሪያ ያስፈልጋል፣ እሱም ሌላ መሣሪያ ነው።

ስጋቱ መሬት የሚይዝበት አንድ ቦታ ግን አለ፣ አልሸፍነውም። ኬላ ላይ የተፈቀደለት አንባቢ ቺፑን እየመገበ ሳለ፣ አጠገብ ያለ ሦስተኛ ሰው መመገብ አይጠበቅበትም፣ ጆሮ መስጠት ብቻ ይበቃዋል። ያን ጊዜ ርቀቱ ከሴንቲ ሜትሮች ወደ ሜትሮች ያድጋል። በዚህ ምክንያት የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት በቺፑና በአንባቢው መካከል ያለው ንግግር የሚመሰጠርበትን መንገድ አስቀምጧል። በቀድሞው ዘዴ ቁልፉ የሚወጣው በገጹ ላይ ከታተሙት የፓስፖርት ቁጥር፣ የልደት ቀንና ማብቂያ ቀን ነው። ደካማ ጎኑም እዚሁ ነው፤ ልደታችሁን የሚያውቅና ቁጥሩን መገመት የሚችል ሰው ሥራው ይቀልለታል። በኋላ የመጣው ዘዴ ይህን ያጠብቃል። የፓስፖርታችሁን ፎቶ ለደላላም ሆነ ለማታውቁት ሰው በቴሌግራም መላክ እንግዲህ የቺፑን ቁልፍ አብሮ መላክ ሊሆን ይችላል።

ራሳችሁ መፈተን ከፈለጋችሁ ስልካችሁን በፓስፖርቱ ሽፋን ላይ ቀስ እያላችሁ አንሸራትቱ፤ ብዙ ጊዜ የስልኩ ጥቅል ካሜራው አካባቢ ነው። ካልተነበበ መጀመሪያ የስልኩን ብረት ያለበት ሽፋን አውልቁ፣ ፓስፖርቱ ውስጥ የገባ የባንክ ካርድ ካለም አውጡ። ሁለት የተቃኙ ጥቅሎች ሲደራረቡ ቅኝታቸው ይዛባል፤ ብረት ደግሞ ከዚያ ይብሳል፣ መስኩ ሲነካው በውስጡ የሚሽከረከር ጅረት ይነሳና ተቃራኒ መስክ ይፈጥራል። ከተነበበ በኋላ ፓስፖርቱን በወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይል ሙሉ በሙሉ ጠቅልላችሁ ስልኩን እላዩ ላይ አሳርፉት። ቺፑ ኃይል ስለማይደርሰው አይመልስም።