ሁለት ሚሊሜትር፦ ስልክ ላይ የሚነበብ የቪዲዮ ጽሑፍ

ዩቲዩብ ላይ የሚለቀቁ የአማርኛ ቃለ ምልልሶችና ዘጋቢ ፊልሞች አብዛኞቹ የሚቀናበሩት በሰፊ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ነው፤ የሚታዩት ግን በእጅ ስልክ ነው። ታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ አለ፤ መስማት የተሳነው ተመልካችም ንግግሩን የሚያገኘው ከግርጌ ጽሑፉ ብቻ ነው። አቀናባሪው ፊት ደምቆ የታየው ጽሑፍ እነዚህ ሰዎች ዘንድ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚያንስ በቁጥር ማየት ይቻላል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ አዛውንት ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የድሮ የመሬት ክርክር እየተረኩ ነው እንበል። ቪዲዮው በአግድም የተቀረጸ ሲሆን ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል ነው። አቀናባሪው የግርጌ ጽሑፉን በ48 ፒክስል፣ በነጭ ቀለም፣ ከታች ጠርዝ አጠገብ አስቀምጦታል። 53 ሴንቲሜትር ያህል ወርድ ባለው የኮምፒውተር ስክሪን ላይ 48 ፒክስል ማለት 13 ሚሊሜትር ነው፤ ከበቂም በላይ ይመስላል። ተመልካቹ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ግን ያ ሁሉ 1920 ፒክስል 7 ሴንቲሜትር በማይሞላ ወርድ ውስጥ ይጨመቃል። 13 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 1.7 ሚሊሜትር ይወርዳል። ይህም የፎንቱ መጠን እንጂ የፊደሉ ቁመት አይደለም፤ ፊደሉ ራሱ ከፎንቱ መጠን በግምት 70 በመቶውን ብቻ ስለሚይዝ ዓይን የሚያገኘው 1.2 ሚሊሜትር ነው። በ10 ነጥብ የታተመ የጋዜጣ ፊደል የዚህ እጥፍ ይሆናል። ስልክ ከኮምፒውተር ይልቅ ለዓይን ስለሚቀርብ ጥቂት ይካካሳል፤ ርቀቱ የሚቀንሰው ግን በግማሽ ገደማ ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ ያነሰው ስምንት እጥፍ ለመሆን ጥቂት በቀረው ልክ ነው።

ለኛ ፊደል ጉዳቱ ይብሳል። «መሬቱን ሰጠ» እና «መሬቱን ሸጠ» የሚለያዩት በ«ሸ» አናት ላይ ባለች አንዲት አግድም ሰረዝ ነው። «ሰጠኝ» እና «ሰጡኝ» የሚለዩት በ«ጡ» ወገብ ላይ በተቀጠለች ጭረት ሲሆን፣ ያቺ ጭረት ከጠፋች አንቱታው አብሮ ይጠፋል። የእንግሊዝኛ አንባቢ አንድ ፊደል ቢደበዝዝበት የቃሉ ቅርጽ ይረዳዋል፤ በግዕዝ ፊደል ግን አናባቢው ያለው በዚያች ትንሽ ቅጥያ ላይ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሰው ዳታ ለመቆጠብ ቪዲዮውን በ360 ጥራት ያያል። 1080 የነበረው ቁመት ወደ 360 ሲወርድ 48 ፒክስሉ 16 ይሆናል፤ ፊደሉ 11 ፒክስል ገደማ ቁመት ይቀረዋል። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ከሁለትና ከሦስት ፒክስል አትበልጥም፤ ቪዲዮው ሲታመቅ መጀመሪያ የምትፈርሰውም እሷ ናት።

ስለዚህ ልኩን በፒክስል ሳይሆን ስልክ ላይ በሚሊሜትር መውሰድ ይሻላል። እኔ የምይዘው ወለል የፊደሉ ቁመት ከ2 ሚሊሜትር እንዳያንስ ነው። ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይዞ አግድም ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ይህን ለማግኘት የፎንቱ መጠን 80 ፒክስል ገደማ መሆን አለበት። ከላይ እስከ ታች ለተቀረጸ የቲክቶክ ወይም የሪልስ ቪዲዮ፣ ያንኑ 7 ሴንቲሜትር የማይሞላ ወርድ የሚጋሩት 1080 ፒክስሎች ብቻ ስለሆኑ፣ ከ55 እስከ 60 ፒክስል በቂ ነው። አንዳንድ የስልክ ማቀናበሪያ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት የፊደል መጠን ቁጥር ፒክስል አይደለም፤ የራሳቸው መለኪያ ነው። እንዲያ ሲሆን ቁጥሩን ትቶ ቪዲዮውን አውጥቶ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጎ፣ ተራ ማስመሪያ «ሀ» ላይ አስደግፎ መለካት ነው።

80 ፒክስል ሲሆን በአንድ መስመር የሚገባው ቦታንና ነጥብን ጨምሮ 28 ፊደል አካባቢ ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ቃል ማለት ነው። ብዙ አቀናባሪዎች እዚህ ላይ ፊደሉን ወደ ማሳነስ ይመለሳሉ። መፍትሔው መስመሩን ሐሳቡ በሚያርፍበት ቦታ መክፈልና ጽሑፉን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው፤ በአንድ ጊዜ ግን ከሁለት መስመር አይለፍ። የፎንት ምርጫም ከመጠኑ ጋር ይሄዳል። እንደ ኒያላና አቢሲኒካ ያሉት የብራና ጽሕፈትን መልክ የያዙ ፎንቶች መጽሐፍ ላይ ያምራሉ፤ ቀጫጭን ጭረቶቻቸው ግን በታመቀ ቪዲዮ ውስጥ ይጠፋሉ። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ውፍረቱ እኩል የሆነ ፎንት በመካከለኛ ድምቀት ይሻላል። በጣም የወፈረውን አልመክርም፤ የ«ቀ»ን እና የ«ወ»ን ዓይን ይደፍነዋል።

ፊደሉን አሳደግን፤ ነገር ግን አዛውንቱ የለበሱት ጋቢ ነጭ ነው፣ ጽሑፉም ነጭ ነው። ንፅፅር የሚለካው ከ1 እስከ 21 ባለ ቁጥር ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ 1፣ ነጭ በጥቁር ላይ 21 ነው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 እንዲሆን ይጠይቃል። ቪዲዮ ደግሞ ከድረ ገጽ ይከብዳል፤ መደቡ ይንቀሳቀሳል። አዛውንቱ እጃቸውን ሲያነሱ ጋቢው ከጽሑፉ ጀርባ ይገባል፣ ሲያወርዱ የጠቆረው ግድግዳ ይመለሳል፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሹ ይነበባል፣ ግማሹ ይጠፋል። ቢጫ ማድረግም ጋቢው ላይ አያድንም፤ ቢጫ በነጭ ላይ ያለው ንፅፅር 1.1 እንኳ አይሞላም። በሰንደቅ ዓላማችን ቀለማት ማስጌጥ የሚወዱም አሉ፤ ቀይ ፊደል በመካከለኛ አረንጓዴ ላይ ከ1.3 አያልፍም፣ ሁለቱን ቀለማት ለይቶ የማያይ ሰው ደግሞ ምንም አያገኝም። ቪዲዮ ሲታመቅ ብርሃንና ጥላው በደንብ ተጠብቆ፣ የቀለሙ ዝርዝር ግን ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በቀለም ብቻ የተለየ ፊደል ጠርዙ ይንጠባጠባል።

የተለመደው መፍትሔ በፊደሉ ዙሪያ ጥቁር መስመር ማድረግ ነው። ለላቲን ፊደል ይሠራል፤ ለኛ ግን መስመሩ ወፈር ሲል የ«ዐ»ን ውስጥና በ«ጨ» ጭረቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል። ከጽሑፉ ጀርባ ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ ጥቁር መደብ መዘርጋት ይሻላል። ጥቁረቱ ስንት በመቶ ይሁን የሚለውን ማስላት ይቻላል፤ ስሌቱን የምንሠራው እጅግ በከፋው ሁኔታ፣ ማለትም ከጀርባው ፍጹም ነጭ ጋቢ ሲኖር ነው። መደቡ 50 በመቶ ጥቁር ከሆነ የነጭ ፊደል ንፅፅር 4 ብቻ ነው፤ ከወለሉ በታች ነው። 60 በመቶ ላይ 5.7 ይደርሳል፤ በ75 በመቶ ከ10 ያልፋል። እኔ 75ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ቀትር ላይ ደጅ የሚታይ ስልክ መስታወቱ ፀሐይን ስለሚያንጸባርቅ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል፣ በስሌት ያገኘነው ንፅፅርም እዚያ ይሸረሸራል። ምስሉ ተሸፈነ የሚል ቅሬታ ይመጣል፤ የተሸፈነው ግን የጋቢ እጥፋት ነው፣ የሚነበበው ደግሞ የሰውየው ቃል ነው።

የቀረው ቦታው ነው። የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ ከቪዲዮው ይልቅ ረዘም ያሉ ናቸው፤ 20 ለ9 የሆነ ስልክ አግድም ተይዞ ተመልካቹ ምስሉን በሁለት ጣት ወጥሮ ስክሪኑን ሲሞላው፣ ከላይ 10 በመቶ፣ ከታችም 10 በመቶ ይቆረጣል። ከ1080 ውስጥ 108 ፒክስል ማለት ነው። ከታች ጠርዝ 50 ፒክስል ላይ የተቀመጠ ጽሑፍ ሁለተኛው መስመሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ የታችኛው መስመር እግር ከ120 ፒክስል በታች አይውረድ። የተናጋሪው ስምና ማዕረግ በሚታይባቸው ሰከንዶች ደግሞ የግርጌ ጽሑፉ ከስሙ በላይ ይውጣ፤ ሁለቱ ተደራርበው ማየት በጣም የተለመደ ነው።

ከላይ እስከ ታች በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ግርጌው የኛ አይደለም። የአካውንቱ ስም፣ መግለጫውና የሙዚቃው ርዕስ እዚያ ይሰፍራሉ፤ የላይክ፣ የኮመንትና የሼር ምልክቶች በቀኝ በኩል ይደረደራሉ። ሜታ ለሪልስ ማስታወቂያ ሠሪዎች የሰጠው መመሪያ ከላይ 14፣ ከታች 35፣ ከግራና ከቀኝ 6 በመቶ ባዶ እንዲተው ነው። ከ1920 ፒክስል ሲሰላ ጽሑፉ ከአናቱ ከ270 እስከ 1250 ባለው ውስጥ መዋል አለበት። ለቀኙ 6 በመቶ አይበቃኝም፤ ምልክቶቹን ለመሸሽ በሁለቱም በኩል 150 ፒክስል ትቼ መሐል አስቀምጠዋለሁ። ያኔ በመስመር 20 ፊደል ገደማ ይገባል። የአዛውንቱ ፊት ከላይ ባለው ሲሶ ውስጥ ከሆነ ጽሑፉ ደረታቸው ላይ፣ ከ1050 እስከ 1250 ባለው ያርፋል። ቀራጩ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅና ፊቱን ትንሽ ከፍ አድርጎ ቢቀርጽ ሥራው ሁሉ ይቀላል፤ አቀናባሪ አገጭ ላይ ጽሑፍ የሚለጥፈው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ስላልተተወለት ነው።

ዩቲዩብ ላይ ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፍ መንገድ አለ። ጽሑፉን ከምስሉ ጋር ሳይጋግሩ በተለየ የኤስአርቲ ፋይል መጫን ይቻላል። ያን ጊዜ ፊደሉን የሚጽፈው የተመልካቹ ስልክ ራሱ ስለሆነ ቪዲዮው በ144 ጥራት ቢታይም ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ዓይኑ የደከመ ሰው በስልኩ ማስተካከያ ገብቶ ሊያሳድገው፣ መደቡን ሊያጠቁረው ይችላል። ፋይሉ UTF-8 ሆኖ ካልተቀመጠ ግን በግዕዝ ፊደል ፋንታ የማይነበቡ ምልክቶች ይወጣሉ። ቪዲዮው በቴሌግራም ሲዘዋወርም ፋይሉ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ለዩቲዩብ ፋይሉን፣ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ የተጋገረውን ማዘጋጀት ነው።

ቪዲዮውን ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት ለራሳችሁ ብቻ በሚታይ መንገድ ጫኑት፤ በ360 ጥራት፣ ርካሽ ስልክ ላይ፣ የስክሪኑን ብርሃን በግማሽ ቀንሳችሁና ድምፁን ዘግታችሁ፣ ንግግሩን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ስጡት። ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። «ሸጠ»ን «ሰጠ» ብሎ ካነበበ ፊደሉን አሳድጉ።