ቦረቦሩን የያዘ ደብዳቤ

የልውውጥ ሴሚስተር ማለት አንድ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ሳይለቅ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ሌላ አገር ሄዶ የሚማርበት፣ ያገኘውንም ውጤት ተመልሶ በራሱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስቆጥርበት መንገድ ነው። በሰፊው የሚታወቀው የአውሮፓው ኢራስመስ በ1987 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአውሮፓ ውጭ ላሉ ብዙ አገሮች ተማሪዎችም በኢራስመስ ፕላስ በኩል ለእንዲህ ያለው ልውውጥ ክፍት ሆኗል። ከሚጠየቁት ወረቀቶች አንዳንዶቹን ሬጅስትራር ያዘጋጃል። ተማሪው በራሱ አንደበት የሚናገርበት ሞቲቬሽን ሌተር የሚባለው የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። አንባቢዎቹም ሦስት ነገር ይፈልጉበታል፦ ለምን እነዚህን ኮርሶች መረጠ? ለምን እዚያ? ሲመለስስ ምን ይሠራባቸዋል?

ነገሩ የሚገባው በምሳሌ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የሚማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እናስብ። አገሩ ጃናሞራ ነው፤ የወረዳው ከተማ መካነ ብርሃን። ሊሄድ ያሰበው ቪየና ወደሚገኘው፣ በአጭር ስሙ ቦኩ ወደሚባለው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያ ረቂቁ እንደ ብዙዎቹ ይጀምራል፦ ኦስትሪያ ውብ አገር ናት፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ስመ ጥር ነው፣ ተመልሼ በአገሬ ድህነትን እዋጋለሁ። ውሸት የለበትም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲውን ስም ፍቀው የሌላ ቢያስገቡበት ደብዳቤው እንዳለ ይሄዳል፤ አንባቢው ወደ ጎን የሚያስቀምጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ከየት ይጀምር? እኔ ከማሳው ይጀምር እላለሁ። በደጋው ክረምት ሲገባ ገበሬው ውኃ በእህሉ ላይ እንዳይተኛ በማሳው ላይ አግድም ዘንበል ያለ ቦይ ያወጣል፤ ፈሰስ ይባላል። ፈሰሱ የላይኛውን ገብስ ያድናል፤ የሰበሰበውን ጎርፍ ግን ከማሳው ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ይደፋዋል። እዚያ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ በየክረምቱ ወደ ላይ እየበላ ይሄድና ቦረቦር ይሆናል። የታችኛው ባለማሳ መሬቱን ያጣል፤ ጎረቤትም ከጎረቤት ይካሰሳል። ይህን አይቶ ያደገ ልጅ ከቪየና ፕሮፌሰሮች የበለጠ የሚያውቀው ነገር አለው፤ የደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽም ይኸው ነው።

ሁለተኛው አንቀጽ እስከ ዛሬ የተማረው የት ላይ እንደሚያበቃ ይናገራል። ይህን አንቀጽ የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ ደብዳቤውን የሚያቆመው ግን እሱ ነው። በክፍሉ የአፈር መሸርሸር ስሌት ተምሯል። ስሌቱን በ1985 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ያደረገው ሃንስ ሁርኒ ነው፤ ይህ የስዊስ ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆኖ የሠራ፣ አካባቢውን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነበር። ስሌቱ ዝናቡን፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የተዳፋቱን ርዝመትና ዘንበልነት፣ ሽፋኑንና የጥበቃ ሥራውን አባዝቶ ከማሳ ላይ ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ይገምታል። ቦረቦርን ግን አይቆጥርም፤ የተሠራው በማሳው ገጽ ላይ በስሱና በትናንሽ ስንጥቆች ለሚታጠበው አፈር ነው። ስለዚህ ልጁ "እቤቴ ያለውን ችግር በተማርኩት ስሌት መለካት አልቻልኩም" ብሎ ቢጽፍ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትምህርቱ እንደገባውም ምን እንደጎደለውም ያሳያል።

አሁን ቪየና ትመጣለች። ቦኩ በሕያው ተክል ተዳፋትን ማጠንከርን የሚያስተምር የራሱ ተቋም አለው። ከጎንደር በስተደቡብ ባለው የጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስም ከአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ሠርቷል። "ለምን እዚያ?" የሚለው ጥያቄ በዚህ ይመለሳል። በአልፕስ ተዳፋት ላይ የታወቀው ዘዴ የአኻያ ቁርጥ ቀብሮ ሥር እንዲሰድ ማድረግ ነው። አኻያ በእኛም ወንዝ ዳር አለ፤ በውርጫማው ደጋ፣ ክረምት ካለፈ በኋላ ለወራት በሚደርቅ ቦረቦር ውስጥ ሥር መስደዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምናልባት ትሪሉሰርን ወይም ጓሳ ይሻል ይሆናል። ጥሩ ደብዳቤ የቪየናን ዘዴ እንዳለ አመጣለሁ አይልም፤ የዘዴውን ምክንያት ተምሬ ለእኛ ደጋ የሚሆነውን ተክል እፈልጋለሁ ይላል።

ብዙ ጥሩ ደብዳቤ የሚወድቀው በኮርስ ምርጫ ነው። በቦኩ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጡት ኮርሶች ብዙዎቹ ለማስተርስ የተዘጋጁ ናቸው። ተማሪው የወደደው ኮርስ በዚያ ሴሚስተር ላይሰጥም ይችላል። ስለዚህ በደብዳቤው የሚጠቀስ እያንዳንዱ ኮርስ በምን ቋንቋ፣ በየትኛው ሴሚስተር፣ በየትኛው ደረጃ እንደሚሰጥ ከዩኒቨርሲቲው የኮርስ ዝርዝር መታየት አለበት። የማስተርስ ኮርስ ከሆነ አስተማሪውን አስቀድሞ በኢሜይል መጠየቅ ይገባል። ከዚያም በፊት ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የልውውጥ ውል እንዳላቸው በጎንደር የውጭ ግንኙነት ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ውል ከሌለ ደብዳቤው የሚገባበት በር የለም።

ደብዳቤው የትምህርት ስምምነት ከሚባለው ቅጽ ጋርም መግጠም አለበት። በቅጹ ላይ ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ይፈርማሉ። በአውሮፓው አቆጣጠር አንድ ሙሉ ሴሚስተር 30 ኢሲቲኤስ ነው፤ አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራ ይይዛል። በእኛ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ብዙ ጊዜ በ5 ኢሲቲኤስ ይተመናል። ልጁ በደብዳቤው ስለ ቦረቦር ጽፎ በቅጹ ላይ ስለ ወይን እርሻ ኮርስ ቢሞላ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ወዲያው ያየዋል።

የመጨረሻው አንቀጽ መመለሻው ነው፤ እዚህ ትንሽ ግብ ትልቁን ትበልጣለች። የኦስትሪያው ሁለተኛ ሴሚስተር ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያበቃል፤ ልጁ ሐምሌ ላይ ሲመለስ የሚያገኘው ክረምቱን ነው። እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ "ከመሄዴ በፊት፣ በጥር፣ በአንድ ቦረቦር ዳር ችካሎች ተክዬ ጥልቀቱንና ስፋቱን በሜትር እለካለሁ። ከሐምሌ እስከ መስከረም በእነዚያው ችካሎች ደግሜ እለካለሁ። በቦረቦሩ ውስጥ ካሉት ክትሮች ከአንዱ ኋላ ተክል ተክዬ፣ ሌላውን ባዶውን ትቼ አወዳድራለሁ። ይህ የአራተኛ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፌ ይሆናል።" የሚያስፈልገው ሜትር፣ ችካልና የባለማሳዎቹ ፈቃድ ነው። አንድ ክረምት ተክሉ መያዙን ያሳያል፤ ቦረቦሩ መዳኑን ግን አያሳይም፤ ይህንንም በግልጽ መጻፍ አለበት። ወደ ጃናሞራ የሚያስገባው መንገድ የማይሆን ከሆነ ማክሰኝት አካባቢ ተለዋጭ ቦታ መጥቀስ ብልህነት ነው፤ ግን እዚያ መሬቱ ዝቅ ስለሚል የሚተከለውም ይለያል።

ደብዳቤው ተቀባይነት ካገኘም በኋላ ሥራ አለው። ቪየና ሲደርስ አንድ ኮርስ ሊሰረዝ ወይም ከሌላ ጋር በሰዓት ሊጋጭ ይችላል። ስምምነቱ ለውጥ የሚሞላበት ክፍል አለው፤ ለውጡም በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ተሞልቶ ሦስቱም ወገኖች ሊስማሙበት ይገባል። ያን ጊዜ ተማሪው ደብዳቤውን አውጥቶ ያነባል፤ በተሰረዘው ምትክ የሚመርጠው ኮርስ በጥር በተከላቸው ችካሎች ለመለካትና ልኬቱን ለመተርጎም የሚረዳው መሆን አለበት።