ጡረታ የሚወጣ ሐኪም ስንብትና የሕሙማን ርክክብ

ጡረታ የሚወጣ ሐኪም ለዓመታት ለተከታተላቸው ሕሙማን የሚጽፈው የስንብት ደብዳቤ ከምስጋናው ቀጥሎ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ፤ ከዚህ በኋላ ማን ያያቸዋል? የት? ከመቼ ጀምሮ? መልሱ ግልጽ ካልሆነ ቶሎ ከሚጎዱት መካከል የልብ በራቸው በብረት ሰው ሠራሽ በር ተቀይሮ ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ይገኙበታል።

ዋርፋሪን ደም በሰው ሠራሹ በር ላይ እንዳይረጋ ይከላከላል። መጠኑ ከሰው ሰው ስለሚለያይ አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ይስተካከላል። የተቀየረው ሚትራል የተባለው በር ከሆነ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደም ይፈሳል።

ለምሳሌ ሚትራል በሯ የተቀየረላት አንዲት ሴት ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜና እሑድ አንድ ተኩል ባለ 5 ሚሊ ግራም ክኒን ትወስዳለች እንበል። ነባሩ ሐኪም ይህን በቃሉ ስለሚያውቀው ካርዷ ላይ «መድኃኒቱ ይቀጥል» ብቻ ብሎ ጽፏል። ተተኪው «በቀን አንድ» ብሎ ቢያዝላት የሳምንቱ መጠን ከ40 ወደ 35 ሚሊ ግራም ይወርዳል፤ አይኤንአሯም ከሚፈለገው በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤዋ የበሩን ዓይነት፣ የየቀኑን መጠን፣ የመጨረሻውን ውጤትና የሚቀጥለውን የምርመራ ቀን ይይዛል። ሕመሟ የመጣው ከሩማቲክ ከሆነ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የምትወጋው ፔኒሲሊንም ይጻፋል። ሜትሮኒዳዞልና ባክትሪም የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚጨምሩ ሌላ ቦታ ስትታከም ዋርፋሪን እንደምትወስድ አስቀድማ እንድትናገር ይነገራታል።

ደብዳቤው ከመሰናበቻው ሁለት ወይም ሦስት ወር ቀደም ብሎ ቢሰጥ ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ቀጠሮ ያገኛሉ። በዚያ ቀን ነባሩና አዲሱ ሐኪም አብረው ቢያዩአቸው ካርድ ላይ ያልሰፈረው ነገር በቃል ይተላለፋል። ማንበብ ለማይችሉ ነርሷ ታነብላቸዋለች። መድኃኒቱም ከአዲሱ ቀጠሮ አልፎ የሚቆይ መሆን አለበት፤ በመሐል ካለቀ አደጋው በቀናት ውስጥ ይመጣል።

ተተኪው ሐኪም ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ስለሚችል ከስሙ ጋር የክሊኒኩ ክፍል፣ የክትትሉ ቀንና ስልክ ይጻፋል። የድድ መድማት፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ያለምክንያት የሚወጣ ሰፊ ሰንበር ከታየ፣ እንዲሁም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተያዘ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንደሚገባም ይገለጻል።

ርክክቡ የሚጠናቀቀው ሕመምተኛው አዲሱ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ አይኤንአሩ ሲለካ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ የቀሩትን ክሊኒኩ ከስም ዝርዝሩ ለይቶ በሳምንቱ ውስጥ ስልክ ይደውልላቸዋል።